ቀነ ገደቡ ማጠቃለያው ውስጥ ነበር

ጥያቄ፦ «ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር በሆነ አንድ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ውስጥ ኮምፕላያንስ ኦፊሰር ነኝ። በሳምንት 30 ገደማ ሰርኩላር፣ መመሪያና ደብዳቤ ይደርሰኛል። አርብ አርብ አሳጥሬ ለሥራ ክፍሎችና ለቅርንጫፎች እልካለሁ። 7 ወይም 8 ገጽ ይሆናል። ባለፈው ወር አንድ የሪፖርት ቀነ ገደብ አለፈን። ስንፈትሽ ማጠቃለያው ውስጥ ተጽፏል፣ ግን ማንም አላየውም። ይበልጥ ላሳጥረው ወይስ ሌላ መላ አለ?»

ምላሽ፦

ማሳጠሩ አይከፋም። በሽታው ግን እሱ አይደለም። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ለዓመታት ይኼንኑ ሥራ ስሠራ እንደ እርስዎ ነበር የምጽፈው። ከ8 ገጽ ወደ 4 አወረድኩት፣ ከ4 ወደ 2። አሁንም ቀን ያልፈን ነበር።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የእኔ ማጠቃለያ ዜና ነበር። «ይህ ደረሰን፣ ያ ደረሰን» ይላል። ዜና ደግሞ በማግስቱ ያረጃል። ያ ያለፋችሁ ቀነ ገደብ አንድ አርብ ላይ ብቅ አለ፣ ምናልባት 5ኛው ገጽ ላይ። በቀጣዩ አርብ ሌላ 30 ወረቀት መጣበት። ቀኑ ሲደርስ ማጠቃለያው ስለሱ ትንፍሽ አላለም። ያኔ ያነበበው ሰውም ረስቶታል፣ አይፈረድበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀየረው ርዝመቱ ሳይሆን የሚመዘገበው ነገር ነው። የመጣውን ወረቀት አይደለም የሚመዘግቡት፣ የተጣለብዎትን ግዴታ ነው። ወረቀት አንድ ጊዜ ይመጣል። ግዴታ ግን እስኪፈጸም ድረስ በየሳምንቱ አብሮዎት አለ። የማጠቃለያው የመጀመሪያ ክፍል «ክፍት ሥራዎች» ይሁን። አንድ ሥራ እዚያ ከገባ አይወጣም። የሚወጣው ማስረጃው እጅዎ ሲገባ ብቻ ነው፦ የተላከው ሪፖርት ግልባጭ ከነወጪ ቁጥሩ፣ ወይም የተፈረመው ቃለ ጉባኤ። «ጨርሰናል» የሚል የስልክ መልስ አይዘጋውም። አዲስ የመጣው ነገር ከሥሩ ይከተላል።

ይህን ብቻ አድርገው ሌላውን ሁሉ ቢተዉት ያ ቀነ ገደብ አያመልጣችሁም ነበር። ግን አንድ ሥራ ወደዚያ ክፍል ሲገባ በትክክል መግባት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ በደንብ ልግባበት።

በመጀመሪያ ከ30ው ስንቱ ነው ሥራ የሚፈጥረው? የድሮ ደብተሬን ገልጬ አንዱን ሳምንት አየሁት። 31 ገቢ ነበር። 6ቱ ድግግሞሽ ነው። አንዱ ደብዳቤ በኢሜይል ይመጣል፣ በቴሌግራም ይመጣል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ዋናው ከነማኅተሙ በፖስታ ይመጣል። 11ዱ እኛን አይመለከትም፣ ለባንኮች ወይም ለኢንሹራንስ የተጻፈ ግልባጭ ነው። 9ኙ ለማወቅ ብቻ ነው። ሥራ የሚፈጥረው 5 ነው። አንድ ገጽ ላይ 5 ሥራ በደንብ ይጻፋል። የእርስዎ ማጠቃለያ 8 ገጽ የሆነው ሠላሳውንም በእኩል ዓይን ስላዩት ይመስለኛል።

ያልተመለከቱንን 11ዱን ግን አንጥላቸውም። ቁጥሩን፣ ቀኑንና «አይመለከተንም፣ ለባንኮች ብቻ፣ የተፈጻሚነት ወሰን አንቀጽ ይህ» የሚል አንድ መስመር በገቢ መዝገቡ ላይ እንጽፋለን። ማጠቃለያው ላይ አይወጣም። ተቆጣጣሪ መጥቶ «ይህን አይታችኋል?» ሲል መልሱ እዚያ አለ። ስለ ድግግሞሹም አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁጥር ያሳስታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1183/2012 የሚባለው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ በእንግሊዝኛው 1183/2020 ነው። ሁለቱን እንደ ሁለት ሕግ የመዘገበ መዝገብ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚያ ተቋም እግዜር ይስጠው፣ ሁለቱንም አክብሮ ነበር።

አሁን አንዱን ሥራ ከወረቀቱ ወደ ማጠቃለያው እናምጣው። የሚከተለው ደብዳቤ እኔ ለማስተማሪያ የሠራሁት ነው፣ ቁጥሩን ፈልገው እንዳይደክሙ። አቀራረጹ ግን የለመዱት ዓይነት ነው። 4 ገጽ ነው። ጥር 4 ቀን 2018 ተጽፎ ረቡዕ ጥር 13 ባሕር ዳር ደርሷል። የገቢ ማኅተሙ ጥር 13 ይላል፣ መሐል ጥምቀት አለ። 3ኛው ገጽ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር አለ፦

«ተቋማት ከ500,000 ብር በላይ ተቀማጭ ያላቸውን ደንበኞች የማንነት መረጃ ይህ ሰርኩላር ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ ባሉት 30 የሥራ ቀናት ውስጥ አድሰው ማጠናቀቅና ሪፖርት ማድረግ አለባቸው፤ ሆኖም በቁጠባ ቡድን ስም የተከፈቱ ሒሳቦች እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ ሊታደሱ ይችላሉ።»

ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ማጠቃለያው እንዲህ ይወጣል፦ «ተቋማት የደንበኞችን መረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያድሱ ታዟል።» አጭር ነው፣ ያምራል፣ አደገኛም ነው። 500,000 ብር የሚለው ወለል ጠፋ። አሁን ቅርንጫፉ ሁሉንም ደንበኛ ሊጠራ ነው። «የሥራ ቀናት» ወደ «ቀን» ተቀየረ። «ሆኖም» የሚለው ሐረግ ከነሙሉው ሄደ። ሪፖርት ማድረግ የሚለው ግሥም የለም። ልብ ይበሉ፣ መረጃውን ማደስና ሪፖርት ማድረግ ሁለት ሥራ ነው። ባለቤታቸውም ሁለት ነው፦ የመጀመሪያው የቅርንጫፍ ነው፣ ሁለተኛው የእርስዎ።

ወደ ቀኑ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። 30 የሥራ ቀን መቼ ያልቃል? ቅርንጫፉ ራሱ ይቁጠር ከተባለ እያንዳንዱ በየራሱ ይቆጥራል። አንዱ ደብዳቤው ከተጻፈበት ከጥር 4 ጀምሮ 30 ቀን ይቆጥርና የካቲት 4 ይላል። ሌላው ማጠቃለያዎ አርብ ጥር 15 ማታ ተልኮለት ሰኞ ጥር 18 ያነበዋል። «ከደረሳቸው ቀን» የሚለውን ለራሱ ይወስደዋል፣ ለእሱ የደረሰው ሰኞ ነዋ። ከሰኞ እስከ አርብ ብቻ ቢቆጥርና ዓድዋን ቢዘል የካቲት 30 ላይ ያርፋል።

እርስዎ ጠረጴዛዎ ላይ ሆነው ሲቆጥሩት ግን እንዲህ ነው። የሚጀምረው ሰርኩላሩ ለተቋሙ ከደረሰበት ከረቡዕ ጥር 13 ነው፣ ያችንም ቀን ጨምሮ። ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም ካልን፣ የካቲት 23 ዝግ ስለሆነ ዘለን፣ 30ኛው ቀን ረቡዕ የካቲት 25 ይሆናል። ቅዳሜም የሥራ ቀን ነው ካልን ማክሰኞ የካቲት 17 ላይ ያልቃል። ደብዳቤው ቅዳሜን ምን እንዳደረገው አልተናገረም። የእናንተ ቅርንጫፍ ቅዳሜ ክፍት ነው፣ የደብዳቤው ጸሐፊ ቢሮ ግን ዝግ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ቶሎ የሚያልቀውን ይውሰዱ። የካቲት 17 ብለው ይጻፉ። ስልክ ደውለው ቢጠይቁና «ቅዳሜ አይቆጠርም» ቢባሉ እንኳ ያ መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ የካቲት 17 ይቆይ።

ያ ሰኞ ያነበበው ሥራ አስኪያጅ የካቲት 30 ብሎ ተረጋግቶ ተቀምጧል። በላላው አቆጣጠር እንኳ 5 ቀን አልፎታል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «በ30 ቀን ውስጥ» ብሎ የጻፈለት ሰው ነው ያሳሳተው። ከዚያ በኋላ ማጠቃለያ ላይ የቀን ብዛት ጽፌ አላውቅም። የምጽፈው ቀን ነው፣ ከነዕለቱ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ከሆነና ቀኑ በፈረንጅ ከተጻፈ ሁለቱንም ጎን ለጎን አደርጋለሁ።

ከዚያ የውስጥ ቀን አለ። መረጃው ከቅርንጫፍ መጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ተፈርሞ እስኪወጣ ጊዜ ይበላል። ጎርጎራና ደልጊ በኩል ያለ ቅርንጫፍ ኔትወርክ ሲጠፋበት ዝርዝሩን በፍላሽ ሰው አስይዞ የሚልክበት ሳምንት አለ። ስለዚህ ለቅርንጫፍ የምሰጠው የካቲት 17ን ሳይሆን የካቲት 10ን ነው። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ። እውነተኛውን ቀነ ገደብ ከጎኑ ለቅርንጫፍ አልጽፍም። ሁለት ቀን ያየ ሰው የሚይዘው ሁለተኛውን ነው።

ለቅርንጫፎች የሚሄደው ቅጂ ላይ እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይወጣል፦

ክፍት ሥራ 14 — ከ500,000 ብር በላይ ተቀማጭ ያላቸውን ደንበኞች የማንነት መረጃ አድሱ።
ማን፦ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች። እስከ፦ ማክሰኞ የካቲት 10።
አይጨምርም፦ በቁጠባ ቡድን ስም የተከፈቱ ሒሳቦችን። የእነሱን ቀን ለብቻ እናሳውቃለን።
የሚላክልን፦ የታደሱት ሒሳቦች ዝርዝር፣ በሥራ አስኪያጁ ተፈርሞ።
ከየት፦ ሰርኩላሩ ገጽ 3፣ ሁለተኛው አንቀጽ። የገቢ ማኅተም ጥር 13።

በእርስዎና በበላይ አመራሩ ቅጂ ላይ ሌላ አንድ ሥራ ይጨመራል፦ «ክፍት ሥራ 15 — ሪፖርቱ ይላክ። ማን፦ ኮምፕላያንስ። እስከ፦ ማክሰኞ የካቲት 17።» ሁለቱ ለየብቻ ይከፈታሉ፣ ለየብቻ ይዘጋሉ። የቁጠባ ቡድኖቹ ሒሳብም የራሱ ቁጥር ያገኛል፣ ባይቸኩልም። የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሰኔ 30 ነው። እስከዚያ በየአርቡ ከታች በኩል ተኝቶ ይታያል።

«ከየት» የሚለውን መስመር አይዝለሉት። የእርስዎን ቃል አምኖ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ይጠራጠራል፣ ይጠራጠርም። ያኔ 4ቱን ገጽ ከመጀመሪያ ማንበብ የለበትም። ሰርኩላሩ ራሱ በዚያው ቁጥር ተሰይሞ በአቃፊ ይቀመጥለት።

እንዲህ ለመጻፍ ወረቀቱ እንዴት ይነበባል? እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው። ከመጨረሻዎቹ አንቀጾች፦ ስለተሻሩ መመሪያዎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ የሚጸናበት ጊዜ። ከዚያ ወደፊት መጥቼ የተፈጻሚነት ወሰኑን አያለሁ። ይመለከተናል? ካልተመለከተን እዚያው አበቃ። ከተመለከተን ትርጓሜውን። መሐሉን የማነበው በመጨረሻ ነው። መግቢያውን፣ «…አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» እያለ የሚወርደውን፣ አንድ ጊዜ በዓይኔ ሾፍ አደርገዋለሁ። ብዙ ማጠቃለያ ግን የሚሠራው ከዚያ መግቢያ ነው፣ ለማሳጠር ስለሚመች።

መሐሉን ሳነብ በእስኪርቢቶ የማከብባቸው ቃላት አሉ። «ሆኖም»፣ «በስተቀር»፣ «እንደተጠበቀ ሆኖ»፣ «ካልሆነ»። ሰው ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚወድቁት እነዚህ ናቸው። ከዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ስለሚቀመጡ ነው። ሁለተኛው «አለባቸው» እና «ይችላሉ» ነው። የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች ብዙዎቹ የሚደርሱን በእንግሊዝኛ ነው። «ሻል» የሚለው ግዴታ ነው፣ «ሜይ» የሚለው ፈቃድ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ሁለቱንም «ያደርጋሉ» ብሎ የሚያልፍ ሰው አለ። እንዲህ ሲሆን ፈቃዱ ግዴታ ይመስላል፣ ወይም ግዴታው ምክር። በነገራችን ላይ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ሕግ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። አዋጅ ሲሆን ሁለቱን ዓምድ ጎን ለጎን ያንብቡ።

የሻረውን ማየት ደግሞ መዝገብዎን ያድናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የወጣውን የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ያስታውሱ፣ FXD/01/2024 የሚባለውን። በየጊዜው የወጡ የቀደሙ መመሪያዎችን በአንድ ጠቅልሎ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ መመሪያ ሲመጣ ማጠቃለያዎ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። መዝገብዎ ላይ ግን ብዙ መስመር ይሰርዛል። የተሻረውን ያልሰረዘ መዝገብ ከስድስት ወር በኋላ የሞተ አንቀጽ ጠቅሶ ያስጽፍዎታል። በግዴታ ቁጥር ከያዙት ቀላል ነው፦ የትኞቹ ክፍት ሥራዎችና ቋሚ ሪፖርቶች በዚያ በተሻረው ላይ እንደቆሙ ፈልገው አዲሱን አንቀጽ ይተኩባቸዋል። መሠረት ያጣ ሪፖርትም ይገኛል። አንዳንዱ ቅርንጫፍ ማንም የማይጠይቀውን ቅጽ ለዓመታት ሲሞላ ይኖራል።

ለውጥ ሲጻፍ ደግሞ የድሮው ከአዲሱ ጎን ይቁም። «ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ የምን።» ሦስተኛዋን ቃል የማሰምርባት ራሴ ስላፈርኩባት ነው። የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ጣሪያ በነሐሴ 2015 በ14 በመቶ ተወስኖ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 ከፍ አለ። እኔ «ጣሪያው ከ14 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል» ብዬ ላክሁ። ያኔ የምሠራው እንደ እርስዎ በማይክሮ ፋይናንስ ነው። ጉዳዩ የንግድ ባንኮች ነው፣ «ለማወቅ» በሚለው ስር እንኳ ሊገባ የሚችለው በልመና ነው። ሰኞ ጠዋት ከሐይቁ ማዶ ካለ ቅርንጫፍ ተደወለልኝ። «ጋሼ፣ ወለዱን 18 አስገባነው፣ ለአዲሶቹ ብድሮች ብቻ ነው አይደል?» አለኝ ልጁ። ደሜ ቆመ። እንደ እድል ሆኖ ገና አንድም ውል አልተፈረመም። ልጁ ምን ያድርግ? ጣሪያ አልኩ፣ በመቶ አልኩ፣ የምን እንደሆነ አላልኩም። አበዳሪ ቤት ውስጥ ደግሞ በመቶ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወለድ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ለማወቅ» የሚለውን ክፍል ለቅርንጫፎች መላክ አቁሜያለሁ። ለሥራ አመራሩ ብቻ ይሄዳል። ለቅርንጫፍ የሚሄደው ቅርንጫፍ የሚሠራው ነው።

አርብን የማይጠብቅም አለ። ሳምንታዊ ማጠቃለያ ለሳምንታዊ ነገር ነው። ከፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት የስም ዝርዝር ያለው ደብዳቤ ከመጣ፣ በተለይ ከተባበሩት መንግሥታት ጸጥታው ምክር ቤት የማዕቀብ ዝርዝር ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ እገዳው የሚፈጸመው ሳይዘገይ ነው። ሰኞ ደርሶ አርብ በማጠቃለያ ከወጣ አራት ቀን ሙሉ ገንዘቡ ሊወጣ ይችል ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በደረሰበት ሰዓት ነው የምናስተላልፈው፦ ስሙ በሲስተሙ ይፈለጋል፣ ውጤቱ «አልተገኘም» ቢሆንም ሰዓቱና የፈለገው ሰው ስም ይጻፋል። አርብ ላይ በማጠቃለያው የሚወጣው «ሰኞ በ5 ሰዓት ደረሰ፣ በ6 ሰዓት ተፈትሿል፣ አልተገኘም» የሚለው ነው። ቀነ ገደቡ ከመጪው ረቡዕ በፊት የሆነም እንደዚሁ አርብን አይጠብቅም። ለምን ረቡዕ? አርብ ማታ የተላከ ነገር ማክሰኞ ነው የሚነበበው። ይኼ የኔ ልምድ ነው፣ እርስዎ የራስዎን ይለኩ።

መለኪያው ቀላል ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ሦስት ቅርንጫፍ ይደውሉ። «አንብባችኋል?» ብለው አይጠይቁ፣ ሁሉም «አዎ» ነው የሚልዎት። «ክፍት ሥራ 14ን መቼ ነው የምትልኩልኝ?» ብለው ይጠይቁ። ቀኑን ከነገረዎት አንብቧል። «የትኛው ነበር?» ካለ አላነበበም። «የካቲት 25 አይደል?» ካለ ደግሞ ዋናው ሰርኩላር በሌላ በኩል ደርሶት ራሱ ቆጥሯል ማለት ነው፣ እሱን ማወቅም ጥሩ ነው። እኔ በዚህ ጥያቄ ነው አንድ ገጽ ስልክ ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ እንደሚነበብ፣ የተያያዘ ፋይል ግን እንደማይከፈት ያወቅሁት። ኔትወርክ የሌለበት ሳምንት ደግሞ ማጠቃለያው በስልክ ይነበባል። ጮክ ብሎ ተነብቦ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ረዝሟል።

የራስዎን ስሕተት የሚይዝልዎ ሰውም ያስፈልጋል። በወር አንድ ጊዜ ከወጡት ሥራዎች አንዱን በዕጣ አነሣለሁ። ዋናውን ደብዳቤ ማጠቃለያውን ላላየ ባልደረባ እሰጠዋለሁ። «ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ከየትኛው በስተቀር» ብሎ ይጽፍልኛል። ከኔ ጋር እናስተያየዋለን። ብዙ ጊዜ የምንለያየው «በስተቀር» የሚለው ላይ ነው። አንዴ ተለያይተን ደብዳቤው ራሱ ሁለት ትርጉም እንዳለው አገኘን። ያኔ የሚደረገው ሁለቱን ንባብ ጽፎ ማብራሪያ መጠየቅ ነው። ማጠቃለያው ላይም «ማብራሪያ ተጠይቋል፣ እስከዚያ በጠባቡ እንሠራለን» ተብሎ ይጻፋል። አሻሚውን ነገር እርስዎ በአንድ ቁርጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ካስተካከሉት ሕጉን የጻፉት እርስዎ ሆኑ ማለት ነው።

ከፌዴራሉ ውጪ ያለውንም አይርሱት። የክልሉ ሕግ በዝክረ ሕግ ነው የሚወጣው። የከተማ አስተዳደሩ ደብዳቤ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ጠቅላላ አገልግሎት ነው የሚሄደው። ለእርስዎ ግልባጭ አይደረግም። መዝገብ ቤት ያለችውን ሠራተኛ ይተዋወቋት። ማኅተም ከመምታቷ በፊት የትኛው ወደ እርስዎ እንደሚመራ የምትወስነው እሷ ናት። እኔ ሐሙስ ሐሙስ የገቢ መዝገቡን ራሷ ዘንድ ሄጄ በዓይኔ እቆጥረዋለሁ። የእሷ 34 ቢል የኔ 31፣ ሦስቱን ሳላገኝ አርብ አልጽፍም።

አሁን ከየት ይጀምሩ? አዲስ ቅጽ አይሥሩ። ያለፉትን 12 ማጠቃለያዎች ያውጡና ቀን ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያስምሩ። እያንዳንዱን ወደ ዋናው ደብዳቤ መልሰው ቀኑን እንደገና ይቁጠሩ። ማስረጃ ያለው ይዘጋል፣ የሌለው የመጀመሪያው «ክፍት ሥራዎች» ዝርዝርዎ ነው። ሁለት ቀን ይወስድብዎታል። ያለፈ ሌላ ቀነ ገደብም ያገኙ ይሆናል። ካገኙ በኋላ ቀን ወደ ኋላ አስገብተው አይጻፉ። ሪፖርቱን ዛሬ ቀን ይላኩ፣ በሸኚው ደብዳቤ ላይ መዘግየቱንና ምክንያቱን በሁለት መስመር ያስፍሩ፣ ግልባጩን ለሥራ አስኪያጅዎ ያድርጉ። ተቆጣጣሪው ራሱ ከሚያገኘው እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል። ያ ባለፈው ወር ያመለጣችሁም እንዲሁ ይላክ፣ ገና ካልተላከ።